ሥራ ከመቆሙ በፊት



ባለፈው ወር ከቡና በኋላ በተነሳው ጨዋታ ላይ አንዲት አባላችን፣ “ሥራ ማቆም መብት ከሆነ እኛን ለምን አባረሩን?” ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ለብዙዎቻችን እንግዳ አልነበረም። ከመካከላችን ስምንታችን በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ አብረን ሠርተናል። ሁለት ጊዜ ከአሠሪያችን ጋር ተጋጭተናል። በመጀመሪያው ተሸነፍን፣ በሁለተኛው ደግሞ የምንፈልገውን ሁሉ ባይሆንም ብዙውን አገኘን። ልዩነቱ ከብርታታችን የመጣ አልነበረም፤ በመጀመሪያውም ጊዜ በርትተናል። ልዩነቱን ያመጡት ሥራ ከመቆሙ በፊት መደረግ ያለባቸው ነገሮች ነበሩ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው እነዚህ ነገሮች ከየት እንደመጡና እንዴት እንደሚሠሩ ለአባላቱ ለመንገር ነው።

ከእድር ወደ ማኅበር

በአገራችን ፋብሪካ ሲስፋፋ ሠራተኛው መጀመሪያ የያዘው የሚያውቀውን ነው። የታመመን ጠየቀ፣ የሞተን ቀበረ፣ ገንዘብ አዋጣ። የሠራተኛ ማኅበር የሚባል ነገር በሕግ ሳይታወቅ በምድር ባቡርም በወንጂ ስኳር ፋብሪካም ሠራተኞች በመረዳጃ መልክ ይሰባሰቡ ነበር። እድር መሰብሰብን፣ ዳኛና ጸሐፊ መምረጥን፣ መዋጮ መመዝገብን አስተማራቸው። አንድ ነገር ግን ሊሰጣቸው አልቻለም። አሠሪው እድርን የማነጋገር ግዴታ የለበትም። የእድር ዳኛ ስለ ደመወዝ ልናገር ቢል “አንተ ማን ነህ?” ይባላል። ለዚህ ጥያቄ በሕግ የሚሰጠው መልስ ነው እውቅና የሚባለው።

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሥራ ለመሥራትና ለዚሁም ዓላማ ማኅበር ለማቋቋም እንደሚችል፣ ይህም በሕግ መሠረት እንደሚሆን ይናገር ነበር። ዝርዝር ሕጉ ግን ዓመታት ዘገየ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። የሠራተኛ ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት አገኘ፣ ከአሠሪ ጋር የኅብረት ስምምነት መዋዋል ቻለ፣ ክርክርን የሚያይ ቦርድም ተቋቋመ።

በሩ ግን ጠባብ ነበር። ማኅበር ለማቋቋም በአንድ ድርጅት ቢያንስ 50 ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። ትልቁ ጨርቃ ጨርቅና ስኳር ፋብሪካ በዚህ በር ሲገባ፣ ሃያና ሠላሳ ሰው የሚያሠራው ዳቦ ቤት፣ ማተሚያ ቤትና ልብስ ሰፊ ውጪ ቀረ። ይህን ቁጥር በልባችሁ ያዙት፤ የአገራችን የሠራተኛ ማኅበር ታሪክ አንዱ መለኪያ እሱ ነውና።

የ1966 ዓ.ም. አራት ቀናት

በ1966 ዓ.ም. የኑሮ ውድነት በበረታበትና ወታደሩም ተማሪውም በተነሳበት ወቅት፣ በየነ ሰሎሞን ይመሩት የነበረው የሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጥያቄዎቹን ዘርዝሮ ለመንግሥት አቀረበ። ከጥያቄዎቹ መካከል ደመወዝና የዋጋ ንረት፣ እንዲሁም የመደራጀት መብትን የሚመለከተው ሕግ መሻሻል ይገኙበታል። መልሱ ሲዘገይ የካቲት 28 ቀን ጠቅላላ የሥራ ማቆም ተጀመረ። በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። ለአራት ቀናት ቆይቶ ማኅበሩና መንግሥት ስምምነት ሲፈራረሙ አበቃ።

ያ ስምምነት ግን ትልቅ ተስፋ የያዘ ጠቅላላ ወረቀት ነበር። የአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ስንት ብር እንደሚጨመርለትና ፈረቃው ስንት ሰዓት እንደሚሆን በዚያ አልተጻፈም። ይህ የሚጻፈው በየፋብሪካው በሚደረግ የኅብረት ስምምነት ነው። በተከታዮቹ ወራት በየድርጅቱ አድማ በአድማ ላይ የተከተለው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

ከዚያ በኋላ ያለው አሳዛኝ ነው። ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በ1967 ዓ.ም. መግቢያ፣ ማኅበሩ ሲቃወመው በየነ ሰሎሞንና ሌሎች መሪዎች ታሠሩ። በ1968 ዓ.ም. አዲስ የሠራተኛ አዋጅ ወጣ፤ በ1969 ዓ.ም. ደግሞ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር በመንግሥት ጥላ ሥር ተቋቋመ። ማኅበር የሚለው ስም ቀረ፣ አባላቱም በዙ፣ ሥራ ማቆም ግን በተግባር የማይታሰብ ሆነ። እናቶቻችን የዚያን ዘመን ማኅበር የሚያስታውሱት ሰልፍ የሚወጡበትና መዋጮ የሚከፍሉበት አድርገው ነው። ብዙ ሴት “ማኅበር” ሲባል ዛሬም ፊቷን የምታዞረው በዚህ ትዝታ ነው።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 42 የሠራተኛውን ቁጥር ወደ 20 ዝቅ አደረገ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመደራጀት፣ ከአሠሪ ጋር የመደራደርና ሥራ የማቆም መብትን አሰፈረ፤ በዚያው አንቀጽ ሴቶች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸውም ደነገገ። በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 377 ቁጥሩን ወደ 10 አወረደው። ዛሬ የምንመራበት በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156ም በዚሁ 10 ላይ ጸንቷል። ከ50 ወደ 10 ለመድረስ አርባ ዓመት ወሰደ።

አምስተኛው ቀን

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። በ2002 ዓ.ም. በፋብሪካው 240 ሠራተኞች ነበርን፤ አብዛኞቻችን ሴቶች ነን። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለሁለት ወር ታገደ። ሰኞ ጠዋት በአንዱ መስመር ያሉ ስፌተኞች ማሽን አጠፉ፣ ሌላውም መስመር ተከተለ። ማንም ደብዳቤ አልጻፈም። ማንም ድምፅ አልሰጠም። የሠራተኛ ማኅበርም አልነበረንም። ሥራ አስኪያጁ “ወኪላችሁ ማን ነው?” ሲል “ሁላችንም” አልነው። በዚያ ሰዓት ጥሩ መልስ መስሎን ነበር።

በሁለተኛው ቀን ግማሾቹ ተመለሱ። ሌሎቻችን እስከ ቅዳሜ ከግቢ ውጪ ቆየን። በሚቀጥለው ሰኞ ለ11 ሴቶች የስንብት ደብዳቤ ተሰጠ። በደብዳቤው ላይ “አድማ” የሚል ቃል አልነበረም። የተጻፈው ያለ በቂ ምክንያት አምስት ተከታታይ የሥራ ቀናት ከሥራ መቅረት የሚል ነበር። ይህም በወቅቱ ሕግ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚበቃ ምክንያት ነው። የታገደው የትርፍ ሰዓት ክፍያ እውነተኛ በደል ነበር፤ አቤቱታ ብናቀርብበት ሕጉ ይደግፈን ነበር። እኛ ግን ክርክሩን ከአሠሪው ጥፋት አንሥተን የራሳችን መቅረት ላይ አሳረፍነው። ሕጉን ሳይከተሉ ሥራ ማቆም የሚያስከትለው ይህን ነው። በሕጉ ዓይን የሥራ ማቆም አይባልም፤ መቅረት ብቻ ነው።

ወረቀቱ

በ2004 ዓ.ም. እንደገና ጀመርን፤ በዚህ ጊዜ ግን የጀመርነው ከማኅበሩ ነው። አሥራ አራት ሆነን በአንዷ ቤት ተሰበሰብን። መተዳደሪያ ደንብ አረቀቅን። እዚህ ላይ እድር ጠቀመን፤ ስለ መዋጮ፣ ስለ ምርጫና ስለ ገንዘብ ቁጥጥር የተጻፈውን ከእድራችን ደንብ ነው የወሰድነው። ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተን ደንቡን አጸደቅን፣ መሪዎች መረጥን፣ ቃለ ጉባኤውን ፈረምን። ደንቡን፣ የመሪዎቹን ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ የማኅበሩን ስምና ዓርማ ይዘን ለሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ አመለከትን።

ሕጉ ቢሮው በ15 ቀናት ውስጥ የምዝገባ ምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያዛል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መልስ ካልሰጠ ማኅበሩ እንደተመዘገበ ይቆጠራል። ቢሮው ምዝገባውን ከከለከለ ደግሞ በፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ማመልከቻ ስታስገቡ የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም በቅጂያችሁ ላይ ማስመታት አትርሱ። ማኅተም ከሌለ አሥራ አምስቱ ቀን ከመቼ እንደሚቆጠር ማስረዳት አይቻልም።

ከምዝገባ በኋላ የቀረን የአባላት ቁጥር ነበር። በአንድ ድርጅት ከአንድ በላይ ማኅበር ሊኖር ይችላልና፣ በድርድር ሠራተኛውን የሚወክለው ከሠራተኛው ግማሽ በላይ ያለው ነው። በ240 ሰው ውስጥ ይህ 121 ማለት ነው። በሦስት ወር 190 አባላት ደረስን። ብዙዎቹ የፈሩት ስማቸው በመዝገብ እንዳይታይ ነበር። የማኅበር አባል መሆን ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን በአዋጁ የተጻፈውን አንቀጽ ቅጂ አባዝተን በምሳ ሰዓት አነበብንላቸው። ከፈሩት ውስጥ ያን አንቀጽ ከሰሙ በኋላ የፈረሙት ብዙ ናቸው።

ድርድሩ

የኅብረት ስምምነት ድርድር በቃል አይጀመርም። ጥያቄው ከረቂቁ ጋር በጽሑፍ ይቀርባል፤ ሌላው ወገን በ10 ቀናት ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ከሁሉ በፊት የድርድሩ ሥነ ሥርዓት ይጻፋል፦ ማን ይገኛል፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ቃለ ጉባኤ ማን ይይዛል። ይህን ቀላል ነገር አድርገን ልናልፈው ነበር። ቃለ ጉባኤውን ጸሐፊያችን መያዟ ግን ኋላ አዳነን፤ አሠሪው “ይህን አልተስማማሁም” ባለ ቁጥር ፊርማውን አውጥተን አሳየነው።

ረቂቃችን 26 አንቀጽ ነበረው። ሃያ ሁለቱ በሁለት ወር አለቀ። አራቱ ቀሩ፦ የደመወዝ ጭማሪ፣ የሌሊት ፈረቃ ሰርቪስ፣ ለነፍሰ ጡሮች ቀላል ሥራ፣ እና የደረጃ ዕድገት ሥርዓት። ስለ አራቱ ስንጨቃጨቅ የተማርነው አንድ ነገር አለ። በሕጉ ያለውን መብት በስምምነት ውስጥ ደግሞ መጻፍ ምንም አይጨምርም። ስምምነቱ ከሕጉ ያነሰ ቢሰጥ ሕጉ ይጸናል፣ የተሻለ ቢሰጥ ስምምነቱ ይጸናል። ስለዚህ ጉልበታችንን ሁሉ ሕጉ ዝም ባለበት ላይ አዋልነው። ሕጉ ስለ ሰርቪስ አይናገርም፤ ሌሊት አራት ሰዓት ከፈረቃ የምትወጣ ልጅ ግን ከምንም በላይ የምትፈልገው እሱን ነው።

አሥሩ ቀን

ድርድሩ በአራቱ ላይ ሲቆም የወል የሥራ ክርክር ሆነና ለቢሮው አመለከትን። ቢሮው አስማሚ መደበልን። አስማሚው ዳኛ አይደለም፤ አይፈርድም። ሁለቱን ወገን ለየብቻና አንድ ላይ እያነጋገረ እንዲስማሙ ይጥራል፣ ለዚህም 30 ቀናት አለው። በእነዚያ 30 ቀናት የደረጃ ዕድገቱና የነፍሰ ጡሮቹ ጉዳይ አለቁ። ሁለት ቀሩ።

እዚህ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ጉዳዩን ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ማቅረብ ነው። ይህን ከመረጣችሁ ቦርዱ እያየው ሥራ ማቆም ክልክል ነው፤ ቢያንስ 30 ቀን መጠበቅ ግድ ይላል፣ የመጨረሻ ውሳኔ ከተሰጠም መፈጸም አለበት። ሁለተኛው በሕጉ ሥርዓት ሥራ ለማቆም መወሰን ነው። ረጅም ተከራክረን ሁለተኛውን መረጥን። የደመወዝ ጭማሪውን ለቦርድ ብንሰጠው የማናውቀው ሰው ይወስንልናል ብለን ሰጋን። በሌላ ፋብሪካ ያሉ ሴቶች ግን ቦርዱን መርጠው ተጠቅመዋል፤ አንዱ ከሌላው ሁልጊዜ ይሻላል ማለታችን አይደለም።

ለሥራ ማቆም ድምፅ የሚሰጠው የማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ ነው፤ ውሳኔው በአብላጫ ድምፅ መደገፍ አለበት። የ190 ሁለት ሦስተኛ 127 ነው። መጀመሪያ የጠራነው የእሑድ ስብሰባ ላይ 119 ተገኙ። ስምንት ሰው ጎደለ። ስሜቱ የጋለ ስለነበር “ይበቃል፣ ድምፅ እንስጥ” የሚሉ ብዙ ነበሩ። ሊቀ መንበራችን ዝርዝሩን ደግማ ቆጥራ ስብሰባውን በተነች። ያን ቀን የተናደደችባት ብዙ ነበረች። ምልአተ ጉባኤ ሳይሟላ የተሰጠ ድምፅ ግን የ2002ቱን ታሪክ ይደግመው ነበር፤ በማግሥቱ እያንዳንዳችን እንደገና “ከሥራ የቀረች” እንሆን ነበር። በሁለተኛው እሑድ 151 መጡ፤ 133ቱ ደገፉ።

ከዚያ ማስጠንቀቂያው ተጻፈ። ሕጉ የሥራ ማቆሙ ከመጀመሩ 10 ቀናት በፊት ምክንያቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ ለአሠሪውና ለቢሮው እንዲሰጥ ያዛል። የደብዳቤያችን ርዝመት አንድ ገጽ አይሞላም ነበር። ሁለቱን ጥያቄዎች፣ አስማሚው ዘንድ የደረስንበትን፣ ድምፅ የተሰጠበትን ቀንና ቁጥር፣ ሥራ የሚቆምበትን ቀን ጻፍን። ስድብ የሌለበት፣ ዛቻ የሌለበት ነበር፤ ኃይልና ዛቻ የታከለበት የሥራ ማቆም በራሱ የተከለከለ ነው። ሌላ አንድ ግዴታም አለ፤ ሥራ ቢቆምም የአደጋ መከላከል ሥርዓት መጠበቅ አለበት። ስለዚህ የእንፋሎት ማመንጫውን ማን እንደሚያጠፋ፣ የጨርቅ መጋዘኑን ከእሳት ማን እንደሚጠብቅ የሦስት ሰው ስም ጽፈን አያያዝን።

አሠሪው የ2002ቱን እየጠበቀ ነበር። ማሽን ድንገት ቢጠፋ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ደብዳቤ አለው። ለዚህ ግን ደብዳቤ አልነበረውም። አሥር ቀን ደግሞ ለእኛ ብቻ የተሰጠ ጊዜ አይደለም፤ እሱም ያሰበት፣ የውጪ ትዕዛዙን የሚያስረክብበትን ቀን የቆጠረበት ጊዜ ነው። በስምንተኛው ቀን ጠራን። ሰርቪሱ ለሌሊት ፈረቃ ብቻ ተፈቀደ፤ ደመወዙ ከጠየቅነው ግማሽ ተጨመረ። ተፈራረምን። ማሽን አንድ ሰዓት እንኳ አልቆመም።

ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ

የተፈረመው ስምምነት ወደ ቢሮው ተልኮ ተመዘገበ። በሕጉ መሠረት የኅብረት ስምምነት በአብዛኛው ለሦስት ዓመት አይነካም፤ አሠሪውም እኛም በመካከሉ “ይቀየር” ማለት አንችልም። ይህ ዕረፍት ነው፤ አደጋም አለበት። ዘመኑ ከማለቁ ከሦስት ወር ጀምሮ አዲስ ድርድር መጀመር አለበት። ካለቀ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ አዲሱ ካልተጠናቀቀ፣ ስለ ደመወዝና ስለ ሌሎች ጥቅሞች ያሉት አንቀጾች ሥራ ላይ መዋላቸው ያበቃል። በ2007 ዓ.ም. እኛን የገጠመን ይህ ነው። መሪዎች ተቀይረው ነበር፣ ሊቀ መንበራችን ወልዳ ቤት ነበረች፣ ቀኑን የያዘ ሰው አልነበረም። ስምምነቱ ማብቃቱን ያወቅነው አሠሪው ሰርቪሱን ሊያስቆም መሆኑ ሲነገረን ነው። ስድስት ሳምንት ብቻ ቀርቶን እየሮጥን ተደራደርን፤ ሰርቪሱ ተረፈ፣ በዚያ ዙር ግን የደመወዝ ጭማሪ አላገኘንም። ከዚያ ወዲህ ያ ቀን በሊቀ መንበሯም በጸሐፊዋም በገንዘብ ያዥዋም ደብተር ላይ በቀይ ይጻፋል።

በሩ የማይከፈትላቸው

ይህን ስንጽፍ ከመካከላችን በሰው ቤት የምትሠሩትን አልረሳንም። አዋጁ ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ሥራ ከሥሩ አውጥቶታል፤ ስለ እሱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣል ይላል። ስለዚህ ከላይ የጻፍነው መንገድ ለቤት ሠራተኛ እንዳለ አይሠራም። የመንግሥት ሠራተኞችም የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። በሆስፒታል፣ በመብራት፣ በውሃ፣ በእሳት አደጋና በመሳሰሉት አስፈላጊ አገልግሎቶች የምትሠሩ ደግሞ ማኅበር ማቋቋምና መደራደር ትችላላችሁ፤ ሥራ ማቆም ግን አይፈቀድላችሁም፣ ክርክራችሁ ወደ ቦርድ ነው የሚሄደው።

በቡናው ላይ ለጠየቀችን እኅታችን መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው። በ2002 ዓ.ም. ከተባረሩት 11 ሴቶች አንዷ እሷ ነበረች። ሥራ ማቆም ያኔም መብቷ ነበር፤ ወደ መብቱ የሚያደርሰውን መንገድ የነገራት ሰው ግን አልነበረም። በዚህ ወር መጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የማኅበራችንን መተዳደሪያ ደንብና የ2004ቱን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቅጂ ይዘን እንገኛለን። አሥር ሠራተኛ ባለበት ቦታ የምትሠሩ ሁሉ መጥታችሁ ቅዱት።